ለየትኛው ሥራ የትኛውን ቁጥር እንመን? ሬዚሊየንስ፣ ተፍነስ እና የቻርፒ ጁል ሲነጻጸሩ

ሁለት ብረቶች ቀርበውልናል እንበል። «ሀ» ተራ የግንባታ ብረት ነው፤ በቀላሉ የሚበየድ፣ በቀላሉ የሚታጠፍ። «ለ» ደግሞ ሞላ የሚሠራበት ብረት ነው፤ በእሳት ግሎ ዘይት ውስጥ የተነከረ፣ ከዚያም መጠነኛ ሙቀት አግኝቶ የተስተካከለ። ምት ሲመጣ የትኛው ይሻላል ብለን እንጠይቅ።

ናሙናን ቀስ ብሎ እየጎተተ የሚበጥሰው የቴንሳይል ሙከራ ወረቀት «ለ» ይላል። የተቆረጠበትን ናሙና በምት የሚሰብረው የቻርፒ ሙከራ ወረቀት «ሀ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ሁለቱም በትክክል ተለክተዋል። ልዩነቱ የመጣው እያንዳንዱ ሙከራ ብረቱን የጠየቀው ጥያቄ የተለያየ ስለሆነ ነው። ብረት የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የእሱ ሥራ ከየትኛው ጥያቄ ጋር እንደሚገጥም ነው። ስለዚህ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እናውጣቸው።

ለምሳሌያችን የምንጠቀምባቸው አኃዞች ለእነዚህ ዓይነት ብረቶች የተለመዱ ናቸው። «ሀ» በ250 ሜጋፓስካል በቋሚነት መለጠጥ ይጀምራል፤ ማለትም ዪልዱ 250 ነው። የ«ለ» ዪልድ 1400 ነው። የሁለቱም የኢላስቲክ ሞጁለስ፣ ማለትም ግትርነታቸው፣ 200,000 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው። ሙቀት ሕክምና የብረትን ዪልድ ብዙ ቢቀይርም ሞጁለሱን ግን አይነካውም ማለት ይቻላል።

ተቀብሎ የሚመልሰው፦ ሬዚሊየንስ

የቴንሳይል ሙከራ የሚሰጠን የስትረስ-ስትሬን ከርቭ ነው፤ ስትረስ ኃይሉ ለናሙናው ስፋት ሲካፈል፣ ስትሬን ደግሞ ልጥጠቱ ለመጀመሪያው ርዝመት ሲካፈል ነው። በከርቩ ሥር ያለው ስፋት ኢነርጂ ነው። ስትረሱ በሜጋፓስካል ከሆነ ስፋቱ የሚወጣው በሜጋጁል በኪዩቢክ ሜትር ነው። ይህ ቁጥር ሳይቀየር ጁል በኪዩቢክ ሴንቲሜትርም ነው። ሁለተኛው አነጋገር ለእጅ ሥራ ይቀላል፤ ጣት ጫፍ የምታህል ብረት ስንት ጁል እንደምትይዝ ወዲያው ይነግረናል።

ሬዚሊየንስ ማለት የመጀመሪያው ቀጥ ያለ መስመር ሥር ያለው ክፍል ነው። ጭነቱ ሲነሳ ብረቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ኢነርጂውንም ይመልሳል። ቅርጹ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ስሌቱ አጭር ነው። እስከ ዪልድ ድረስ በአንድ አሃድ ይዘት የሚያዘው ኢነርጂ የሬዚሊየንስ ሞጁለስ ይባላል፤ σy ዪልዱ፣ E ደግሞ የኢላስቲክ ሞጁለሱ ነው፦

```
Ur = σy² / (2E)
```

ለ«ሀ»፣ 250 በ250 ሲባዛ 62,500 ነው። ለ400,000 ሲካፈል 0.156 ጁል በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይሆናል። ለ«ለ»፣ 1400 በ1400 ሲባዛ 1,960,000። ለ400,000 ሲካፈል 4.9። ዪልዱ በ5.6 እጥፍ ቢበልጥም ሬዚሊየንሱ በ31 እጥፍ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ዪልዱ በራሱ ይባዛል።

ይህ በእጅ ሲያዝ ምን ይመስላል? ውፍረቷ አንድ ካሬ ሴንቲሜትር፣ ርዝመቷ አንድ ሜትር የሆነች ዘንግ እንውሰድ። ይዘቷ 100 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው። ከ«ሀ» ከተሠራች በቋሚነት ሳትለጠጥ የምትይዘው 15.6 ጁል ብቻ ነው። ይህ ሁለት ኪሎ የሚመዝን ነገር ከ80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ የሚያመጣው ኢነርጂ ነው። ከ«ለ» የተሠራችው 490 ጁል ትይዛለች። ያው ሁለት ኪሎ ከ25 ሜትር ሲወድቅ ማለት ነው።

ስሌቱ ስትረሱ በዘንጓ ውስጥ በሙሉ እኩል ተዳርሷል ብሎ ያስባል። በመታጠፍ ጊዜ እንዲህ አይደለም። ሙሉ ስትረስ የሚያገኘው የላይኛውና የታችኛው ቆዳ ብቻ ነው፤ መሃሉ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። አራት ማዕዘን ዘንግ በርዝመቱ ሁሉ እኩል ሲታጠፍ እንኳ የሚይዘው የዚህን ቁጥር ሲሶ ነው። ሞላ የሚሠራ ሰው ይህን ሲሶ ከረሳ ሞላው አንድ ቀን ተጭኖ በዚያው ይቀራል።

በቀመሩ ውስጥ ሞጁለሱ ከታች መሆኑንም ልብ ይሏል። 500 ሜጋፓስካል ዪልድ ያለው ጠንካራ አሉሚኒየም ሞጁለሱ 70,000 አካባቢ ስለሆነ 1.8 ጁል በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይይዛል። ያንኑ ዪልድ ያለው ብረት 0.6 ነው። ግትር መሆን ለሬዚሊየንስ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ሰው ሲወድቅበት አይቻለሁ። ከሙከራ ማሽኑ በቀጥታ የወጣውን ከርቭ ተቀብሎ የሦስት ማዕዘኑን ስፋት መለካት ነው። ማሽኑ ብዙ ጊዜ የሚመዘግበው የራሱን መንጋጋ እንቅስቃሴ ነው። በዚያ እንቅስቃሴ ውስጥ የማሽኑ ፍሬም መለጠጥ አለ፤ የመያዣው መንሸራተትም አለ። ስለዚህ ስትሬኑ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። መለየት ግን አያስቸግርም። የቀጥተኛውን መስመር ተዳፋት ያስሉ። ለብረት 200,000 አካባቢ ካልመጣና 60,000 ወይም 70,000 ከሆነ፣ ያ ስትሬን ናሙናው ላይ በተያያዘ ኤክስቴንሶሜትር አልተለካም። ከዚያ ከርቭ የወሰዱት ሬዚሊየንስ ከእውነተኛው ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ከከርቩ ዪልዱን ብቻ ይውሰዱ፣ ሞጁለሱን ከታወቀው ዋጋ ያስገቡ፣ በቀመሩ ያስሉ።

ተጎሳቁሎ እስኪበጠስ የሚውጠው፦ ተፍነስ

ተፍነስ ሙሉው ስፋት ነው፤ ከዜሮ ጀምሮ ናሙናው እስኪበጠስ ድረስ። እዚህ ኢነርጂው አይመለስም። ብረቱን በመለጠጥ ያልቃል፣ ወደ ሙቀት ይቀየራል።

የ«ሀ»ን ከርቭ በአምስት ቁራጭ እንከፍለዋለን። መጀመሪያ ሦስት ማዕዘኑ፦ 0.16። ቀጥሎ ዪልዱ ላይ ጠፍጣፋው ክፍል ነው፤ ስትሬኑ ከ0.00125 እስከ 0.02፣ ስትረሱ 250። ስፋቱ 4.7። ከዚያ ከ0.02 እስከ 0.10 ስትረሱ ከ250 ወደ 370 ይወጣል፤ አማካዩ 310፣ ስፋቱ 24.8። ከ0.10 እስከ 0.18 ከ370 ወደ 410 ይደርሳል፤ 31.2። በመጨረሻ ናሙናው ወገቡ ቀጥኖ ከ410 ወደ 330 ሲወርድ፣ እስከ 0.26፣ 29.6 ይጨምራል። ሲደመር 90 ጁል በኪዩቢክ ሴንቲሜትር አካባቢ ነው።

የ«ለ» ከርቭ ወደ ጎን አጭር፣ ወደ ላይ ረጅም ነው። ሦስት ማዕዘኑ 4.9። ከ0.007 እስከ 0.04 ስትረሱ ከ1400 ወደ 1600፤ 49.5። ከ0.04 እስከ 0.075 ከ1600 ወደ 1450 ሲወርድ፤ 53.4። ድምሩ 108።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከርቩ እንደሚለው የሞላ ብረቱ ከተራው ብረት የበለጠ ተፍነስ አለው። የሚለጠጠው ከሲሶ ባነሰ መጠን ነው፤ ግን እያንዳንዷን ልጥጠት በብዙ ስትረስ ያስከፍላል። ስሌቱ ስህተት የለበትም። ለስላሳ፣ ክብ፣ ጭረት የሌለበት ናሙና ቀስ ተብሎ ሲጎተት በእርግጥም ይህን ያህል ይውጣል። ችግሩ የሚመጣው ይህን ቁጥር ይዘን «ስለዚህ ለ አይሰበርም» ስንል ነው።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ስለዚህ ስፋት አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ወገቡ መቅጠን ከጀመረ በኋላ ያለው ልጥጠት በሙሉ በአንዲት አጭር ቦታ ይከማቻል። ልጥጠቱን በ25 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ ከለካነው ብዙ ፐርሰንት ይወጣል። በ50 ሚሊሜትር ላይ ከለካነው ያው ብረት ያነሰ ፐርሰንት ያሳያል። ብረቱ አልተቀየረም፤ የተካፈለበት ርዝመት ነው የተቀየረው። ስለዚህ ሁለት ተፍነሶችን ማወዳደር የሚቻለው የመለኪያ ርዝመቱና የናሙናው ቅርጽ አንድ ሲሆን ብቻ ነው። በ«ሀ» ምሳሌ ከ90ው ውስጥ ወደ 30 የሚጠጋው የመጣው ከዚህ ከማያስተማምነው ጅራት ነው።

ስንጥቅ ሲኖር፣ ምቱ ፈጣን ሲሆን፦ ቻርፒ

የቻርፒ ናሙና 10 በ10 በ55 ሚሊሜትር የሆነች ትንሽ ዘንግ ናት። መሃሏ ላይ 2 ሚሊሜትር የጠለቀ የቪ ቅርጽ ኖች ይቆረጥባታል። የኖቹ አንግል 45 ዲግሪ ነው። ጫፉ ግን ፍጹም ሹል አይደለም፤ ራዲየሱ 0.25 ሚሊሜትር ነው። ከባድ ፔንዱለም በሴኮንድ ከ5 ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት መጥቶ ከኖቹ ጀርባ ይመታታል። ፔንዱለሙ ከወደቀበት ከፍታ እና ሰብሮ ካለፈ በኋላ ከደረሰበት ከፍታ ልዩነት ናሙናዋ የወሰደችው ጁል ይነበባል።

ይህ ሙከራ ከቴንሳይሉ በሁለት ነገር ይለያል። አንዱ ፍጥነቱ ነው። ሁለተኛውና ከባዱ ኖቹ ነው። የኖቹ ጫፍ ላይ ያለው ብረት ሲጎተት ወደ ጎን መጥበብ ይፈልጋል። በዙሪያው ያለው ብዙም ያልተጎተተ ብረት ግን ይይዘዋል፣ አያስጠብበውም። መጥበብ ካልቻለ መለጠጥ ይቸግረዋል። ስለዚህ እዚያች ቦታ ስትረሱ ከተራው ዪልድ እጅግ አልፎ ይወጣል። ብረቱ ለመለጠጥ ከመሸነፉ በፊት ክሪስታሎቹ ተሰንጥቀው ከተለያዩ፣ ስብራቱ ተሰባሪ ነው። ፍጥነቱም ሆነ ብርዱ መለጠጥን ስለሚያከብዱ ወደዚያው ይገፋሉ። ለስላሳው የቴንሳይል ናሙና ላይ ከዚህ ውስጥ አንዱም የለም።

የሁለቱን ብረቶች ቁጥሮች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ እንዲህ ይሆናል፦

| | ሀ | ለ |
|---|---|---|
| የሬዚሊየንስ ሞጁለስ (ጁል በኪዩቢክ ሴ.ሜ.) | 0.16 | 4.9 |
| ተፍነስ ከከርቩ (ጁል በኪዩቢክ ሴ.ሜ.) | 90 | 108 |
| ቻርፒ በ20 ዲግሪ (ጁል) | 120 | 15 |
| ቻርፒ በ-40 ዲግሪ (ጁል) | 12 | 9 |

ሦስተኛው ረድፍ ሁለተኛውን ገለበጠው። ኖች ሲኖር «ለ» ያንን ሁሉ ኢነርጂ የሚውጥበት ዕድል አያገኝም። ከርቩ ላይ ያየነው 108 ጁል የሚገኘው የናሙናው አካል በሙሉ ሲለጠጥ ነው። ስንጥቅ ከኖቹ ጫፍ ተነስቶ ከሮጠ ግን ቀሪው አካል ምንም ሳይሠራ ይቀራል።

አራተኛው ረድፍ ደግሞ ለእኔ ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት ነው። «ሀ» በብርድ ከ120 ወደ 12 ወረደ። አሁን የብርዱን ቴንሳይል ከርቭ እንይ። ብርድ ዪልድን ከፍ ያደርጋል፤ 250 የነበረው 290 ሆነ እንበል። የሬዚሊየንስ ሞጁለሱ ከ0.156 ወደ 0.21 አደገ ማለት ነው። ለስላሳው ናሙናም በዚህ ሙቀት አሁንም በደንብ ተለጥጦ ነው የሚበጠሰው፤ ሙሉው ስፋት ብዙም አልተቀነሰም። ከርቩን ብቻ የያዘ ሰው ብረቱ በብርድ እንዲያውም ተሻሽሏል ሊል ይችላል። ቻርፒው ግን ብረቱ ወደ ተሰባሪነት እንደተሻገረ እየነገረን ነው።

ይህ መሻገር በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። ጃንዋሪ 16 ቀን 1943 እ.ኤ.አ. «ስኬኔክታዲ» የተባለች አዲስ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ፖርትላንድ፣ ኦሬገን ውስጥ በተረጋጋ ውኃ ላይ ታስራ ቆማ ሳለ ለሁለት ተሰበረች። በዚያ ዘመን ብዙ የተበየዱ መርከቦች ተሰንጥቀዋል። ከተሰበሩት የተወሰዱ ላሜራዎች ሲመረመሩ፣ ስንጥቁ የጀመረባቸው ላሜራዎች ስብራቱ በደረሰበት ሙቀት የነበራቸው ቻርፒ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ጁል በታች ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በብረት መስፈርቶች ላይ የምናያቸው ከዚያ ብዙም ያልራቁ ዝቅተኛ ቁጥሮች የዚያ ምርመራ ልጆች ናቸው።

ሁሉም የብረታ ብረት ዓይነት እንዲህ አይወድቅም። አሉሚኒየምና የኦስቴናይት ዓይነት ስቴንለስ ስቲል የክሪስታላቸው አደራደር የተለየ ስለሆነ በብርድ ድንገት ተሰባሪ አይሆኑም። በጣም ቀዝቃዛ ፈሳሽ የሚይዙ ታንከሮች ከእነሱ የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ የቻርፒ ጁል ስለ ተሰባሪነት ምን ያህል ይናገራል? የአንድ ሙቀት አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሁለት ነገር አብሮት ሊመጣ ይገባል። አንዱ በተለያየ ሙቀት የተለካው ተከታታይ ነው፤ ውድቀቱ የት እንደሚጀምር የሚያሳየው እሱ ነው። ሌላው የተሰበረው ፊት ነው። ናሙናዋን አንስተው ብርሃን ላይ ያዟት። ፊቷ ደብዛዛ፣ ግራጫና ቃጫ የሚመስል ከሆነ፣ ዳሮቿም ወደ ውጭ ካበጡ፣ ተለጥጣ ነው የተሰበረችው። ፊቷ ጠፍጣፋ ሆኖ እንደ ስኳር ቅንጣት ካብለጨለጨና ዳሮቿ ቀጥ ብለው ከቀሩ፣ ተሰንጥቃ ነው። ከመሃል የሚያብለጨልጭ፣ ከዳር ደብዛዛ ከሆነች በመሸጋገሪያው ላይ ነን፤ እዚያ አካባቢ የሙቀቱ ትንሽ ለውጥ ጁሉን በብዙ ያንሸራትተዋል።

የቻርፒ ጁል የናሙናዋ ነው፣ የብረቱ ብቻ አይደለም። በከርቩ ስፋት ላይ እንደምናደርገው በይዘት አካፍለን ወደ ሌላ ቅርጽ ልናሸጋግረው አንችልም። ስለዚህ 108 ጁል በኪዩቢክ ሴንቲሜትር እና 15 ጁል እርስ በርስ የሚቀየሩ አይደሉም። በቀጭን ላሜራ ምክንያት 5 ሚሊሜትር ውፍረት ባላት ናሙና የተለካ ቁጥርም ከሙሉዋ ጋር በቀጥታ አይወዳደርም። አንዳንድ ወረቀት ላይ ደግሞ ጁል በካሬ ሴንቲሜትር ተጽፎ ይገኛል። ከኖቹ በታች የቀረው ስፋት 0.8 ካሬ ሴንቲሜትር ስለሆነ 27 ጁል እዚያ 34 ሆኖ ይታያል፤ ቸኩሎ ያነበበ የተሻለ ብረት ያገኘ ይመስለዋል።

ታዲያ በየትኛው እንምረጥ

ዕቃው በእያንዳንዱ ምት ወደ ቦታው መመለስ ካለበት፣ ለምሳሌ ሞላ፣ ባሌስትራ ወይም የሚያጣብቅ ክሊፕ ከሆነ፣ የመጀመሪያው መለኪያ የሬዚሊየንስ ሞጁለስ ነው። «ለ» ያለ ጥርጥር ያሸንፋል። ግን የቻርፒው 15 ጁል ዋጋ ያስከፍላል፦ ገጽታው ለስላሳ መሆን አለበት፣ ሹል ጥግ አይፈቀድለትም፣ ብየዳ አይነካውም። የሞላ ብረት ላይ የሞረድ ጭረት ትንሽ ነገር አይደለም።

ዕቃው አንድ ጊዜ ተመትቶ፣ ተጨማዶ ምቱን በመዋጥ ሌላውን ማዳን ካለበት፣ እንደ መኪና መከላከያ ያለ ከሆነ፣ የከርቩ ሙሉ ስፋት ይጠቅማል። እዚህ ድምሩን ብቻ አይዩ። «ሀ» 90ውን የሚሰጠው በረጅም ልጥጠት ነው። «ለ» 108ቱን የሚሰጠው በአጭር ርቀትና በከባድ ኃይል ነው፤ ያ ከባድ ኃይል ደግሞ ከጀርባ ላለው ነገር ይተላለፋል። ለዚህ ሥራ እኔ «ሀ»ን እመርጣለሁ።

ዕቃው ብየዳ፣ ቀዳዳ ወይም ሹል ጥግ ካለበት፣ ውፍረት ካለው፣ ብርድም የሚያገኘው ከሆነ፣ ቻርፒው ይቅደም። ከርቩ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

ለዚህ የመጨረሻው ምርጫ ጥሩ ምሳሌ የአውሮፓው EN 10025 መስፈርት ነው። S355JR፣ S355J0 እና S355J2 የሚባሉት ብረቶች ሁሉም በቀጭን ውፍረት ቢያንስ 355 ሜጋፓስካል ዪልድ ይጠየቅባቸዋል። የሬዚሊየንስ ሞጁለሳቸው አንድ ነው፤ 0.32 አካባቢ። የሚለያቸው መጨረሻ ላይ ያሉት ምልክቶች ናቸው። JR በ20 ዲግሪ 27 ጁል፣ J0 በ0 ዲግሪ 27 ጁል፣ J2 በ-20 ዲግሪ 27 ጁል ማሳየት አለበት። ጁሉ አንድ ሆኖ ሙቀቱ ብቻ ነው የተቀየረው።

ከቤት ውጭ የሚቆም፣ -15 ዲግሪ የሚያገኘው የተበየደ ምሰሶ ልንሠራ ነው እንበል። የJR ሰርተፍኬት ስለ -15 የሚለው ነገር የለም። ቁጥሩ 90 ጁል ቢሆን እንኳ የተለካው በ20 ዲግሪ ነው፤ «ሀ» ከ120 ወደ 12 የወረደው በዚሁ መንገድ ነበር። ስለዚህ ቢያንስ J2 እናዛለን።

ሰርተፍኬቱ ሲመጣ አማካዩን ብቻ አይተን አንፈርም። ሙከራው በሦስት ናሙናዎች ይደረጋል። የሦስቱ አማካይ 27 መድረስ አለበት፤ አንዱም ናሙና ደግሞ ከዚያ 70 ፐርሰንት፣ ማለትም ከ19 ጁል፣ በታች መውረድ አይፈቀድለትም። ወረቀቱ 41፣ 38 እና 17 ቢል አማካዩ 32 ነው፤ ያለፈ ይመስላል። 17ቷ ግን ጥላዋለች። እንዲህ የተበታተኑ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ የሚታዩት ብረቱ በዚያ ሙቀት መሸጋገሪያው ላይ ሲቆም ነው። ላሜራው እንደገና ካልተፈተነ ወደ ብየዳ አይግባ።